ቆጠራ ላይ እቃ ጎድሎ የተጠራ ስብሰባን በቀልድ ስለመክፈት (ከራሴ ተሞክሮ)

ይሄን የምጽፈው ሰው ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ የሚገባበትን ስብሰባ ለምትመሩ ነው፣ በተለይ መጋዘን ፋብሪካ ዴፖ ምናምን ላይ ለምትሰሩ። የኛ አይነት ስብሰባ ከቢሮው ይለያል፣ አንዱ ሹፌር ነው አንዱ ጫኝ ነው አንዷ ሂሳብ ክፍል ናት፣ አንድ ላይ የሚቀመጡት ደሞ ችግር ሲፈጠር ብቻ ነው፣ ስለዚህ ገና በሩ ላይ እያሉ "ዛሬስ ማን ላይ ሊላከክ ነው" እያሉ ነው የሚገቡት። እንደዚህ ባለ ሰዓት አንዲት ትንሽ ቀልድ ቦታዋን ካገኘች የሰው አፍ ይፈታል። ቦታዋን ከሳተች ግን ጭራሽ ባይቀለድ ይሻል ነበር ያሰኛል፣ ሁለቱንም በአይኔ አይቻለሁ።

የምሰራው ከቃሊቲ አለፍ ብሎ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ካሉት መጋዘኖች አንዱ ውስጥ ነው፣ የስርጭት ሱፐርቫይዘር ነኝ። ዘይት ፓስታ ሳሙና እንቀበላለን፣ ለሱቅና ለጅምላ ሻጭ እናደርሳለን። ስቶር ኪፐር አለ፣ ጫኝና አውራጆች አሉ፣ ሹፌሮችና ረዳቶች አሉ፣ ሂሳብ ክፍል አለ። እነዚህ ሰዎች እቃ ካልጎደለ በጣም ይዋደዳሉ። እቃ ሲጎድል ግን ሹፌሩ "እኔ የጫኑልኝን ነው የወሰድኩት" ይላል፣ ስቶር ኪፐሩ "እኔ በወረቀት ነው ያወጣሁት" ይላል፣ ሂሳብ ክፍል ደሞ "ሲስተሙ ላይ ያለው ይሄ ነው" ብሎ ኮምፒውተሩን ያዞርልሃል። ሶስቱም እውነት ሊሆን ይችላል እኮ፣ ችግሩም እሱ ነው።

መጀመሪያ የተበላሸውን ልንገራችሁ። ከኔ በፊት የነበረ አንድ ኃላፊ (ያኔ እኔ ዲስፓቸር ነበርኩ) እንደዚሁ ጎደለ ተብሎ ሁሉንም ሰብስቦ ሲገባ "በሩን ዝጉት፣ ሌባው እንዳያመልጥ" ብሎ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ከልቡ ሊያዝናና ፈልጎ ነው። የሳቁት አጠገቡ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም መጀመሪያ እሱን አይተው ነው የሳቁት። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ጫኝ ግን ቀና ሳይል እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀረ፣ ከዛ በኋላ ስብሰባው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገረም። እሱ ብቻም አይደለም፣ የተጠየቀ ሁሉ "እኔ አላውቅም" ብቻ ነበር መልሱ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ የሚጻፍ ነገር አልነበረም።

ያ ቀልድ ለምን እንደዛ እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። አንደኛ፣ የሚሳቅበት ሰው እዛው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ማን እንደሆነ ስላልታወቀ ደሞ ሁሉም "እኔን ይሆን" ብሎ ነው የሰማው። ሁለተኛውና ዋናው ግን ተናጋሪው ማባረርም ደሞዝ ማስቆረጥም የሚችል ሰው መሆኑ ነው። ያንኑ ቃል አንዱ ጫኝ ለጓደኛው ሻይ ቤት ቢለው ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። አለቃ ሲለው ግን ማስፈራሪያ ሆነ።

በኋላ ላይ አንዲት ጓደኛዬ ስለዚሁ ነገር የተሰራ ጥናት ነገረችኝና በደንብ ገባኝ። ሌማን ቪለንብሮክና አለን የሚባሉ ተመራማሪዎች ጀርመን አገር የኢንዱስትሪ ሰራተኞች ስብሰባ በቪዲዮ እየቀረጹ ቀልድና ሳቅ እንዴት ከአንዱ ወደ አንዱ እንደሚሄድ አይተው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ያሳተሙት። እንደዛ እየተቀባበሉ የሚሳሳቁ ቡድኖች ስራቸውም የተሻለ ሆኖ ነው የተገኘው፣ ግን ይሄ የሚሰራው ሰዎቹ ስለ እንጀራቸው ስጋት በሌለባቸው ጊዜ ነው። ስራዬን አጣ ይሆን ብሎ የሚፈራ ሰው ባለበት የሳቁ ጥቅም አልታየም። እኔ ከዚህ የያዝኩት ቅደም ተከተሉን ነው፣ መጀመሪያ ፍርሃቱን አንሳ፣ ከዛ ቀልድ። ብዙ ሰው ፍርሃቱን በቀልዱ ሊያነሳ ነው የሚሞክረው፣ እሱ ግን እንዳያችሁት ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የወሩ መጨረሻ ቆጠራ ላይ ባለ 1 ሊትር ዘይት 38 ካርቶን ጎደለ። አንዱ ካርቶን 12 ፍሬ ነው፣ ዘይት ደሞ ዋጋውን ታውቁታላችሁ፣ ቀላል ብር አይደለም። ወሬው ከስብሰባው በፊት ግቢውን ዞሮ ጨርሷል፣ "ለሁሉም እኩል ተካፍሎ ከደሞዝ ሊቆረጥ ነው" ተብሏል፣ ሹፌሮቹ ከስቶር ኪፐሩ ጋር ሰላምታ አቁመዋል፣ አንዱ ረዳት ጭራሽ ስራ ልለቅ ነው ብሎ ነበር።

ስብሰባው ጠዋት 2 ሰዓት ነበር። ከዛ በፊት በነበረው ቀን መጀመሪያ የሄድኩት ሂሳብ ክፍል ኃላፊው ጋ ነው። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ነገ ከማንም ደሞዝ እንደማይቆረጥ በአፌ ልናገር እፈልጋለሁ፣ ብናገር ትቆምልኛለህ?" አልኩት። ትንሽ አንገራገረ፣ አለቆቹ ይጠይቁታል። እኔም የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁን አስታወስኩት፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ላይ ህግ ወይ የህብረት ስምምነት ወይ የስራ ደንብ ካልፈቀደ ወይ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ወይ ሰራተኛው ራሱ በጽሁፍ ካልተስማማ አሰሪ ከደሞዝ መቁረጥ አይችልም፣ በሚቻልበት ጊዜም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ "ለሁሉም እናካፍለው" የሚባለው ነገር ድሮም መንገድ አልነበረውም። እሺ አለኝ። ይሄን ሳታገኙ ደፍራችሁ "አይዟችሁ ምንም አይቆረጥም" እንዳትሉ፣ በኋላ ተቆርጦ ከተገኘ ሰው ዳግም አያምናችሁም፣ ቀልዳችሁም እንደ ማታለያ ነው የሚቆጠረው።

ከዛ ቀልዱን ፈለግኩ። ቀልድ ፈለግኩ ስል አፈ ታሪክ ወይ የተሰማ ቀልድ መፈለግ አይደለም። ስብሰባ ላይ ተረት መሰል ረጅም ቀልድ ማምጣት አይሰራም፣ ሰው መጨረሻውን ለመስማት ሲጠብቅ ይበልጥ ይጨነቃል፣ ባይስቅ ደሞ ሁሉም ያፍራል። እኔ የምፈልገው ሁሉም ሰው በአይኑ ያየው፣ የማንም ያልሆነ፣ የስብሰባውን ጉዳይ በዳር በኩል የሚነካ ነገር ነው። ጉዳዩን ጨርሶ ካልነካ "ይሄ ምን ሆኖ ነው ሰው ጨንቆት እያለ ስለ ሌላ የሚያወራው" ይባላል። መሃሉን ከነካ ደሞ ያው ሌባው እንዳያመልጥ ነው።

የቃላት ጨዋታም እተዋለሁ። እኛ ጋ ከጫኞቹ ብዙዎቹ አፍ የፈቱት በኦሮምኛ ነው፣ ጉራጊኛም ወላይትኛም የሚናገሩ አሉ፣ አማርኛ ይችላሉ ግን ቅኔ አይነት ነገር ሲመጣ ግማሹ ስቆ ግማሹ ዙሪያውን ያያል፣ ልናስታርቅ ገብተን ሰው ለሁለት ከፈልን ማለት ነው። ብሄርን ሃይማኖትን ሰፈርን የነካ ቀልድ ደሞ ባለቤቱ ራሱ ቢስቅበት እንኳን አይነሳም፣ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ያገኘሁት ነገር ድመቷ ናት። መጋዘን ላይ የሰራ ያውቃል፣ ፓስታና ዱቄት ባለበት አይጥ አይጠፋም፣ ስለዚህ ድመት አለችን። የማንም አይደለችም፣ ጫኞቹ ከምሳቸው ይሰጧታል፣ ሹፌሮቹ ሌሊት ሲጭኑ ጋቢና ውስጥ ትተኛባቸዋለች። በዛ ሰሞን ወልዳ ነበር።

ግን ድመቷም ብትሆን ስቶር ውስጥ ናት የምትኖረው፣ ስቶር ኪፐሩ ደሞ ጎደለበት የተባለው ሰው ነው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰው ፊት እሳቸውን የነካሁ እንዲመስል አልፈለግኩም፣ ስለዚህ ማታ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ አገኘኋቸውና "ጋሼ፣ ነገ ስብሰባው ላይ ድመቷን ቆጠራው ላይ ላነሳት ነው፣ ለሳቅ ያህል። ቅር ይሎታል?" አልኳቸው። "ኧረ ምን ቅር ይለኛል ልጄ፣ አንሺያት፣ እሷ እንኳን ትነሳልኝ" አሉኝ። ሳቅ አላሉም፣ ደክሟቸው ነበር። ይሄን ነገር ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቀልዱ በሩቁም ቢሆን የሚጠጋው ሰው ካለ ለብቻው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ካልተመቸው ፊቱ ይነግራችኋል፣ ያኔ ትተዉታላችሁ።

ጠዋት ሁሉም ገቡ፣ ሹፌሮች በአንድ በኩል፣ ስቶር በአንድ በኩል፣ ማንም ሳይነግራቸው ተከፋፍለው ተቀመጡ። ሰላምታ እንደሰጠኋቸው ቀጥታ "አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በዚህ ጉድለት ምክንያት ከማንም ደሞዝ አይቆረጥም፣ ሂሳብ ክፍል ኃላፊውም እዚሁ አለ። ዛሬ የምንፈልገው ሰው ሳይሆን ካርቶን ነው" አልኩ። ኃላፊው "ልክ ነው" አለ፣ ጮክ ብሎ እንዲለው ቀድሜ ነግሬው ነበር። ትንሽ ዝም አልኩ፣ ሰው ነገሩን እስኪውጠው። ከዛ የቆጠራውን ወረቀት አነሳሁና እንደ ሪፖርት እያነበብኩ፣ "ዘይት፣ 38 ካርቶን ጎድሏል። ፓስታ፣ ልክ ነው። ሳሙና፣ ልክ ነው። በትርፍ የተገኘ አንድ ብቻ ነው፣ ድመት። ባለፈው ወር አንድ ነበረች፣ በዚህ ወር ቆጠራ ላይ አራት ሆና ተገኝታለች፣ ሂሳብ ክፍል በምን እንደሚመዘግባት ይንገረን" አልኩ።

ትልቅ ሳቅ አልነበረም፣ ኋላ ያሉት ጫኞች ፈገግ አሉ፣ አንዱ ሹፌር ፍፍ አለ። በቂ ነበር። ከዛ ግን ጋሼ ሳላስበው እጃቸውን አወጡና "አምስት ናት፣ አንደኛዋን ልጇን አልቆጠራችኋትም፣ ጄኔሬተር ክፍል ናት" አሉ። አሁን ሁሉም ሳቀ፣ ሹፌሮቹም፣ ከሳቸው ጋር ሰላምታ ያቆሙት ጭምር። ጉድለት አለብህ የተባለው ሰው ቆጣሪዎቹን አረመ ማለት ነው፣ ያ ነገር ለሳቸው ምን ያህል እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ ቀልድ መጨመር ያጓጓል፣ ሰው ሲስቅላችሁ መድገም ደስ ይላል። አትድገሙ። ሁለተኛው ቀልድ ስብሰባውን ወደ ጨዋታ ይወስደዋል፣ ተበድያለሁ ብሎ የመጣ ሰውም "ነገሩን ሊያድበሰብሱት ነው" ብሎ ያስባል። እኔ ሳቁ ሳይበርድ፣ ገና ፈገግታው ፊታቸው ላይ እያለ፣ "እሺ ጋሼ፣ ጄኔሬተር ክፍል ሌላ ያልተቆጠረ ነገር አለ?" አልኳቸው። ከሳቁ ወደ ጉዳዩ የሚያሻግራችሁን የመጀመሪያ ጥያቄ ቀድማችሁ ማዘጋጀት አለባችሁ፣ እኔ አዘጋጅቼ የነበረው ሌላ ነበር፣ የሳቸው ንግግር የተሻለውን ሰጠኝ እንጂ። ጥያቄው ደሞ በአንድ ቃል የሚመለስ፣ ማንንም የማይከስ፣ ስለ ቦታ ወይ ስለ ቀን የሆነ ቢሆን ጥሩ ነው። "ማን" ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ከሳቅ በኋላ ወዲያው ከመጣ ክፍሉ ተመልሶ ይዘጋል።

ትንሽ ዝም ተባለ። ከዛ አንዱ ጫኝ "የፈሰሰው ዘይት እዛ ነው ያለው" አለ። ካርቶኑ ረጥቦ ሌላውን እንዳያበላሽ ብለው አንስተው ያስቀመጡት ነው፣ እዛ መቀመጥ ራሱ አልነበረበትም፣ ግን የተበላሸ እቃ የሚቀመጥበት ቦታ አልሰጠናቸውም። 9 ካርቶን ነበር። በፊት ቢሆን ማንም አይናገረውም፣ ምክንያቱም "ማን አፈሰሰው" ነው ቀጥሎ የሚመጣው።

እሱ ሲወጣ አንዱ ረዳት ቀጠለ፣ ስራ ልለቅ ነው ያለው ልጅ ነው። መብራት የጠፋ ቅዳሜ አንድ አይሱዙ በእጅ በተጻፈ ዴሊቨሪ ኖት እንደወጣ ተናገረ፣ ፕሪንተር ስላልሰራ። የዴሊቨሪ ኖቱ ፓድ ሲገለጥ 24 ካርቶን ዘይት አለበት፣ የሱቁ ማህተምና ፊርማም አለው፣ ስቶሩ በእጅ የሚይዘው ቢን ካርድ ላይ ተቀንሷል፣ ሲስተሙ ላይ ግን አልገባም፣ መብራት ሲመጣ የሚያስገባው ሰው ተቀይሮ ነበር። 24ና 9፣ 33 ሆነ። የቀረውን 5 አላገኘነውም፣ እስካሁንም አልተገኘም፣ በጉድለት ተመዝግቦ ተዘጋ። ከዛ በኋላ የተበላሸ እቃ በቀለም የተሰመረ ቦታ ተሰጠው፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ደሞ በማግስቱ ጠዋት ሲስተም ውስጥ መግባቱን ሁለት ሰው ይፈርምበታል።

ድመቷ ባትነሳ ይሄ አይገኝም ነበር አልልም፣ ፓዱ አንድ ቀን መገለጡ አይቀርም። ግን በሰላሳ ደቂቃ ውስጥ፣ ሰው ሳይጣላ፣ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚያገኙት ልጆች ራሳቸው ተናግረው መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ቀልዱ መያዝ አለመያዙን እንዴት ታውቃላችሁ ካላችሁኝ፣ የሳቁን መጠን አትዩ። ማን እንደሳቀና ወዴት እያየ እንደሳቀ እዩ። ሰው መጀመሪያ እናንተን ወይ አለቃውን አይቶ ከሳቀ ለይሉኝታ ነው። ጎን ለጎን እርስ በርስ እየተያዩ ከሳቁ ይዟል። አንድ ጥግ ብቻ ስቆ ሌላው ጥግ ድንጋይ ከሆነ ቀልዱ ወገን ይዟል ማለት ነው፣ ያኔ የመጀመሪያውን ጥያቄ ላልሳቀው ጥግ ስጡ፣ በአክብሮት፣ የሚያውቁትን ነገር ጠይቋቸው። ማንም ካልሳቀ ደሞ አታብራሩ፣ "ቀልዴ ነው እኮ" አትበሉ፣ ይቅርታም አያስፈልግም፣ እንዳልተባለ አድርጋችሁ ወደ ጉዳዩ ግቡ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ ደሞዝ አይቆረጥም የሚለው፣ ስራውን ስለሰራ ቀልዱ ባይዝም ስብሰባው አይሞትም።

ጨርሶ የማልቀልድባቸውም አሉ። ሰው የሚቀነስበት ስብሰባ ላይ አልቀልድም፣ ምክንያቱም እዛ ላይ ፍርሃቱን ላነሳው አልችልም፣ ፍርሃቱ እውነት ነው። ከመሃላችን ሀዘን የደረሰበት ካለም አልቀልድም። አንድ ጊዜ ከፓሌት ላይ ካርቶን ወድቆ አንዱ ጫኝ ጣቱ ተሰበረና በማግስቱ ስለ ካርቶን አደራደር ስብሰባ ነበረን፣ ሁሉም ተቆጥቶ ነው የገባው፣ "ለምን እስከ ስምንት ረድፍ ይደረደራል" እያሉ። እሱን ቀን የከፈትኩት ልጁ ሀኪም ቤት እንዳደረ፣ ማን አብሮት እንዳለና የህክምናውን ወጪ ድርጅቱ እንደሚሸፍን በመናገር ነው። ከዛ ዝም ብዬ አዳመጥኩ፣ ረድፉ ወደ አምስት ወረደ።